«ቡና ብቻ ነው የቀመስኩት»፦ ለምስል ምርመራ ሲመጡ የሚሳሳቱ ነገሮች

የምሠራው ባሕር ዳር ውስጥ፣ የአልትራሳውንድና የኤክስሬይ ምርመራ በሚሰጥበት ክፍል ነው። ጠዋት በሩ ላይ የምሰማቸውን አባባሎች እንዳሉ ላቅርባቸው።

«ምንም አልበላሁም፣ ቡና ብቻ ነው የቀመስኩት።»

እኚህ እናት በጠዋት ጀልባ ከዘጌ ተሻግረው ነው የመጡት። ምግብ በበሉ ቁጥር ቀኝ ጎናቸውን ከጎድን በታች ያማቸዋል። ሐኪሙ የሐሞት ጠጠር ጠርጥሮ የሆድ አልትራሳውንድ አዟል።

«እማማ፣ ቡናው ባዶውን ነው?»

«በስኳር ነው እንጂ ልጄ። ትንሽ ዳቦም ቆርሼበታለሁ።»

እኛ አገር ቡና ብቻውን መጥቶ አያውቅም።

የሐሞት ከረጢት በባዶ ሆድ ይሞላል። ያኔ በአልትራሳውንድ ስክሪን ላይ ጥቁር ሆኖ፣ እንደ ዘይቱን ፍሬ ጫፉ ሰፋ ብሎ ይታያል። ጠጠር ካለ በጥቁሩ ውስጥ ነጭ ሆኖ ያበራል፤ ከሥሩም ጥላ ይጥላል። ምግብ ሲገባ ግን ከረጢቱ ሐሞቱን ወደ አንጀት ይጨምቃል። ራሱም ይጨማደድና ግድግዳው ወፍሮ ይታያል። ወተት፣ ዳቦ፣ ቅቤ ያለበት ነገር ሁሉ ይህን ያደርጋል። ባዶ ቡናም ቢሆን ከረጢቱን ያስጨምቃል።

የእማማ ሐሞት ከረጢት እንደዚያ ተጨማዶ ነበር። ግድግዳው የወፈረው ተቆጥቶ ነው ወይስ በዳቦው? ማወቅ አልተቻለም። ትንሽ ጠጠር ቢኖርም በእጥፋቱ መሐል ሊደበቅ ይችላል። ስለዚህ እዚሁ ዘመድ ዘንድ አደሩ። ማታ 2 ሰዓት ላይ እራት በልተው፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ባዶ ሆድ መጡ። ሳይበሉ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል መቆየት ይበቃ ነበር፤ ሌሊቱን ጨምሮ ሲሆን ግን ማንም አይቸገርም። ከረጢቱ ሞልቶ፣ ሁለት ጠጠሮች ቁልጭ ብለው ታዩ። በግራ ጎናቸው ሲገለበጡ ጠጠሮቹም አብረው ተንከባለሉ። ጠጠርን ከከረጢቱ ግድግዳ ላይ ከበቀለ እባጭ የምንለየው በዚህ ነው፤ እባጭ ከቦታው አይነቃነቅም።

ማስቲካም ይቅር። የሚያኝክ ሰው አየር ይውጣል፤ አየር ደግሞ የአልትራሳውንድን ድምፅ ያግዳል። ከዋዜማው የባቄላና የአተር ወጥ መቀነስም ለዚሁ ይረዳል።

«ጹም ከተባልኩ ውሃም አልነካም።»

ለሆድ አልትራሳውንድ ንጹህ ውሃ አይከለከልም። ጠበል ጠጥተው የመጡ እናት ደንግጠው ይነግሩኛል፤ ጠበልም ውሃ ነው፣ ምንም አይደል። የማይፈቀደው ስኳር፣ ወተት ወይም ቅባት የገባበት ነው። የማደንዘዣ ወይም የማስተኛ መድኃኒት ተሰጥቶ የሚደረግ ምርመራ ግን ሕጉ ሌላ ነው። ሕፃናት ለኤምአርአይ ሲተኙ እንደሚደረገው ማለት ነው። ያኔ ውሃም ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል፤ ምክንያቱም በእንቅልፍ ላይ የሚያስመልስ ሰው ወደ ሳንባው ሊያስገባው ይችላል።

በዐቢይ ጾም ሌላ ችግር ይመጣል። ጿሚው እስከ 9 ሰዓት ውሃ አይቀምስም፣ ሐኪሙ ደግሞ የማሕፀን አልትራሳውንድ አዟል። ይህ ምርመራ የሞላ ፊኛ ይፈልጋል። ቀጠሮ ስትይዙ ስለ ጾሙ ተናገሩ፤ ሰዓቱን ማዞር ይቻላል።

«ውሃ በበዛ ቁጥር ምስሉ ይጠራል።»

የሞላ ፊኛ ሁለት ሥራ አለው። አንጀትን ከማሕፀንና ከእንቁልጢ ፊት ገፋ ያደርጋል፤ ውሃው ራሱም ድምፁን በደንብ ያሳልፋል። ለዚህ ወደ 1 ሊትር ይበቃል። ሁለት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ማለት ነው። ከቀጠሮው 1 ሰዓት በፊት ጠጥቶ መጨረስ፣ ከዚያ ሽንት ቤት አለመሄድ። ልኩ፣ ሽንቱ አጥብቆ እያስቸገረ ግን መያዝ ሲቻል ነው።

ከዚያ ያለፈ ይጎዳል። ከመጠን በላይ የተወጠረ ፊኛ ማሕፀኑን ጨቁኖ ከቦታው ያንሸራትተዋል። ኩላሊትም ሽንቱ ስላልወረደለት ያበጠ ሊመስል ይችላል። እንዲህ ሲሆን «ሽንትዎን ሸንተው ይመለሱ» እንላለን። እብጠቱ ከጠፋ ኩላሊቱ ደህና ነው።

በሴት ብልት በኩል የሚገባው አልትራሳውንድ ደግሞ የሚፈልገው ባዶ ፊኛ ነው። ፅንሱ በገፋ እርግዝናም ፊኛ መሙላት አያስፈልግም። በፕሮስቴት የሚመረመሩ አባቶች ሞልተው ይመጣሉ፤ ከሸኑ በኋላ እንደገና እናያለን፤ የቀረውን ሽንት መለኪያችን እሱ ነው። ስለዚህ የታዘዘው የቱ ዓይነት እንደሆነ ጠይቃችሁ ጠጡ።

«እየጾምኩ ስለሆነ የደም ግፊት መድኃኒቴን ዘለልኩት።»

እባካችሁ አትዝለሉት። በአንድ ጉንጭ ውሃ ይዋጣል፣ ምስሉንም አያበላሽም። ሳይውጡ መጥተው ግፊታቸው ሽቅብ የወጣ፣ ምርመራው የቀረባቸው አይቻለሁ።

ስኳር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኢንሱሊንም ሆነ ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን ወስዶ ሳይበሉ መቆየት ስኳርን ወደ ታች ይጥላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ምልክቱ ነው። ያኔ ቀጠሮው ይቅር፣ ስኳር ይቅመሱ። የሚሻለው አስቀድሞ ሐኪምን ጠይቆ የዕለቱን መጠን ማወቅ፣ የጠዋት የመጀመሪያ ቀጠሮ መያዝ፣ ቁርስንም በቦርሳ ይዞ መምጣት ነው።

ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ በደም ሥር መድኃኒት እየተሰጠ ሲቲ ሲታዘዝላቸው ብዙ ጊዜ በራሳቸው ያቋርጣሉ። ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ማቋረጥ አያስፈልግም። ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው ግን በምርመራው ሰዓት ይቆምና፣ ከ48 ሰዓት በኋላ ኩላሊቱ ተመርምሮ ይቀጥላል። ለዚህ ነው ቀድሞ ክሪያቲኒን የሚባለው የኩላሊት የደም ምርመራ የሚጠየቀው።

«ማተቤን አልበጥስም፤ ለኤምአርአይ ይበጠስ ካላችሁ ልሂድ።»

ማተቡን ማን ይበጥሰዋል? ክሩ ጥጥ ወይም ሐር ከሆነ ማግኔቱ ምንም አያደርገውም። የሚወልቀው የተንጠለጠለው የብረት መስቀልና ብረት ያለበት ክታብ ነው። የኤምአርአይ ማግኔት ማሽኑ ምስል ባያነሳም ሌሊትና ቀን እየሳበ ነው። ስልክ፣ ሳንቲም፣ የፀጉር መያዣ፣ የኤቲኤም ካርድ በር ላይ ይቀራሉ።

ከዚያ በላይ ልትነግሩን የሚገባው በሰውነት ውስጥ ያለውን ነው፤ የልብ ምት ማስተካከያ፣ የአንጎል ደም ሥር መቆንጠጫ፣ ጥይት ወይም ፍንጣሪ። ብየዳ የሠራ ሰው ዓይኑ ውስጥ የገባች ቅንጣት ብረት ካለች ትንቀሳቀሳለች። ያኔ አስቀድሞ ዓይኑ በኤክስሬይ ይታያል። አጥንት ያያዘ ብሎንና ሳህን ያለው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይመረመራል፤ የቀዶ ጥገናውን ወረቀት ይዛችሁ ኑ።

«ለደረት ኤክስሬይ ሸሚዝ ካወለቅኩ አበቃ።»

ሹሩባም አለ። አንዲት ወጣት ወፍራም ሹሩባዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ተነሳች። ፊልሙ ላይ የቀኝ ሳንባዋ ጫፍ ጭጋግ መሰለ፤ የሳንባ ነቀርሳ የሚወደው ቦታ ደግሞ እዚያው ነው። ጭጋጉን ተከትዬ ሳይ ከሳንባው ወጥቶ አንገቷ ድረስ ይዘልቃል። ፀጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ እንደገና አነሳናት። ሁለተኛው ፊልም ላይ ጭጋጉ የለም።