የኩላሊት የማጣራት ፍጥነት፦ እንዴት ጸንቶ ይቆያል፣ እንዴትስ ይሰላል?

የአንድ ጤናማ ጎልማሳ ሁለት ኩላሊቶች በየደቂቃው 125 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጠልላሉ። ይህ መጠን የግሎሜሩለስ የማጣራት ፍጥነት ይባላል፤ ሐኪሞች በአጭሩ ጂኤፍአር ይሉታል። ለአንድ ደቂቃ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ በቀን ግን 180 ሊትር ይሆናል። በሰውነት ውስጥ ያለው ፕላዝማ፣ ማለትም ከደም ሴሎች ተለይቶ የሚቀረው ፈሳሽ፣ 3 ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ ያው ፕላዝማ በቀን 60 ጊዜ ያህል ይጠልላል። ከዚያ ሁሉ በሽንት የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ሲሆን የቀረው ወደ ደም ይመለሳል።

ማጥለያው ግሎሜሩለስ የሚባል የቀጫጭን የደም ሥሮች ጥቅል ነው። በሌላ የሰውነት ክፍል እንዲህ ያሉ ሥሮች ደማቸውን በቀጥታ ወደ ደም መላሽ ሥር ያፈሳሉ። እዚህ ግን ከፊትም ከኋላም ሊጠብና ሊሰፋ የሚችል ትንሽ የደም ቧንቧ አለ፤ አንዱ ገቢ፣ ሌላው ወጪ ነው። የኩላሊት ብልሃት ሁሉ ያለው በእነዚህ ሁለት በሮች መካከል ነው። በጥቅሉ ውስጥ ያለው የደም ግፊት 60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ሆኖ ፈሳሹን ወደ ውጭ ይገፋል። ማዶ ያለው ፈሳሽ በ18 ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ የደም ፕሮቲኖች ደግሞ በ32 ወደ ኋላ ይጎትቱታል። የሚተርፈው የተጣራ ግፊት 10 ብቻ ነው። 180 ሊትር የሚያመነጨው ይህ ትንሽ ትርፍ ስለሆነ በግራም ሆነ በቀኝ ጥቂት ነገር ሲዛባ ውጤቱ ትልቅ ነው።

የደም ግፊታችን ግን በአንድ ቦታ አይቆምም። ደረጃ ስንወጣ ይጨምራል፣ ስንተኛ ይቀንሳል። የማጣራት ፍጥነቱ ግፊቱን ተከትሎ በሩብ ቢጨምር 180 ሊትሩ 225 ይሆን ነበር። ወደ ደም የሚመለሰው 178.5 ሊትር ሳይለወጥ ቢቀር፣ ያ ሰው በቀን 46.5 ሊትር ሊሸና ነው! ይህ የማይሆነው ኩላሊት የራሱን ፍሰት ራሱ ስለሚያስተካክል ነው። አማካይ የደም ግፊት ከ80 እስከ 180 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ድረስ ሲለዋወጥ የማጣራት ፍጥነቱ እምብዛም አይነቃነቅም።

ይህን የሚሠሩት ሁለት ዘዴዎች ናቸው። የመጀመሪያው የገቢው ቧንቧ ጡንቻ ጠባይ ነው፤ ግፊት ሲወጥረው ወዲያው ይኮማተራል፣ በሩም ይጠባል። ሁለተኛው ትንሽ ይዘገያል፤ በእኔ አስተያየት ግን የሚያስደንቀው እሱ ነው። የተጣራው ፈሳሽ በኩላሊት ቱቦ ተጉዞ ወደ ተነሣበት ግሎሜሩለስ ጎን ተመልሶ ያልፋል። እዚያ ማኩላ ዴንሳ የሚባሉ ሴሎች የሚያልፈውን ጨው ይመዝናሉ። ጨው ከበዛ ብዙ እየተጣራ ነው ማለት ስለሆነ አዴኖሲን የተባለ መልእክተኛ ገቢውን ቧንቧ ያጠበዋል። ጨው ካነሰ ገቢው ይሰፋል፣ ሬኒንም ይለቀቃል። ሬኒን በመጨረሻ አንጂዮቴንሲን 2ን ያስገኛል፤ እሱም በተለይ ወጪውን ቧንቧ ያጠብባል። የአትክልት ማጠጫ ጎማን ጫፉ ላይ ሲቆነጥጡት ከኋላ ያለው ውሃ እንደሚወጠር፣ እዚህም በጥቅሉ ውስጥ ያለው ግፊት ይጠበቃል።

ሁለቱን በሮች ማወቅ ለመድኃኒትም ይጠቅማል። የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን ገቢውን በር የሚያሰፉትን ፕሮስታግላንዲኖች ይከለክላል፤ የደም ግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል ደግሞ አንጂዮቴንሲን 2 እንዳይፈጠር በማድረግ ወጪውን በር ይከፍታል። ጤነኛና ውሃ የጠገበ ሰው ይህን ብዙ ጊዜ ይችለዋል። በተቅማጥ የደረቀ ሰው ሁለቱን አብሮ ቢወስድ ግን ከፊት ጠብቦ ከኋላ ስለሚከፈት ማጥለያው ያለ ግፊት ይቀራል።

ፍጥነቱን በቀጥታ ማየት አይቻልምና በስሌት ይደረስበታል። የሚያስፈልገው በነፃነት የሚጠልል፣ ቱቦው የማይመልሰውና የማይጨምርበት ነገር ነው። እንደ ቺኮሪ ካሉ ተክሎች ሥር የሚወጣው ኢኑሊን ይህን በትክክል ያሟላል፤ ነገር ግን በደም ሥር ያለማቋረጥ መሰጠት አለበት። ስለዚህ በሥራ ላይ የሚውለው ጡንቻ ራሱ የሚያመነጨው ክሬቲኒን ነው። ቱቦው ጥቂት ስለሚጨምርበት ውጤቱን ከ10 እስከ 20 በመቶ ከፍ ያደርገዋል። ቀመሩ ይህ ነው፦

```
C = (U × V) ÷ P
```

C ክሊራንስ ነው፤ በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ከዚያ ነገር ፈጽሞ እንደጸዳ ይናገራል። U በሽንት፣ P በፕላዝማ ያለው ክምችት ሲሆን V በደቂቃ የሚወጣው ሽንት ነው።

ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ የ60 ዓመት ሰው እናስብ። በ24 ሰዓት 1,800 ሚሊ ሊትር ሽንት አጠራቅሟል። የሽንቱ ክሬቲኒን በዴሲ ሊትር 70 ሚሊ ግራም፣ የደሙ 1.4 ነው። ቀኑ 1,440 ደቂቃ ስላለው V 1.25 ይሆናል። 70 በ1.25 ተባዝቶ ለ1.4 ሲካፈል 62.5 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ይመጣል።

ይህን ከመቀበል በፊት ግን ሽንቱ በሙሉ መጠራቀሙን ማጣራት ይገባል። በቀን የወጣው ክሬቲኒን 1,260 ሚሊ ግራም ነው፤ በኪሎ 21 ማለት ነው። ከወንድ በኪሎ ከ20 እስከ 25 ስለሚጠበቅ ይታመናል። ሰውየው ሌሊት አንድ ጊዜ ረስቶ 300 ሚሊ ሊትር መጸዳጃ ቤት ቢያፈስ ኖሮ ክሊራንሱ ወደ 52 ይወርድ፣ በኪሎ የወጣውም 17.5 ይሆን ነበር። ስህተቱን የሚያጋልጠው ይህ ሁለተኛ ቁጥር ነው። ሌላው ተደጋጋሚ ስህተት የመለኪያ ነው፦ ብዙ ላቦራቶሪዎች የደሙን በማይክሮሞል፣ የሽንቱን በሚሊሞል ይጽፋሉ። ሳይመሳሰሉ ከገቡ መልሱ በሺህ ይሳሳታል።

አሁን ይኸው ሰው በተቅማጥ ደርቆ ኢናላፕሪልና አይቡፕሮፌን ወሰደ እንበል። በሆስፒታል በስድስት ሰዓት ውስጥ 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ሸና፤ የሽንቱ ክሬቲኒን 100 ሲሆን የደሙ ከ1.4 ወደ 2.0 ወጣ። ከደም ክሬቲኒን፣ ከዕድሜና ከፆታ ብቻ የሚገምተው የ2021 የሲኬዲ-ኢፒአይ ቀመር በ2.0 ላይ 38 ያህል ይሰጣል። ይህ ቀመር ግን ክሬቲኒኑ እንደሚመነጨው መጠን እየወጣ፣ በደም ውስጥ ረግቷል ብሎ ይነሣል፤ እዚህ ገና እየተጠራቀመ ነው። ክሊራንሱን ራሳችን እናስላው። 60 ለ360 ደቂቃ ሲካፈል V 0.167 ነው። ደሙ በመለወጥ ላይ ስለሆነ አማካዩን 1.7 እንወስዳለን። 100 በ0.167 ተባዝቶ ለ1.7 ሲካፈል 10 ሚሊ ሊትር በደቂቃ አይሞላም። በኩላሊት የሚወጣ መድኃኒት ቢታዘዝለት መጠኑ መስተካከል ያለበት በ38 ሳይሆን በዚህ ቁጥር ነው።