ኤፒግራም ምንድን ነው?

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፤
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በፋሲካ ማግስት መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲገድሉ የተገጠመ ነው ይባላል፤ ገጣሚው አይታወቅም። ግሪኮች እንዲህ ያለውን አጭር ግጥም ኤፒግራም ይሉታል። ቃሉ መጀመሪያ በድንጋይ ላይ፣ በተለይም በመቃብር ላይ የሚቀረጽ ጽሑፍ ማለት ነበር። ድንጋይ ቦታ ስለማይሰጥ ጽሑፉ አጠረ። የእኛው ደግሞ የተቀረጸው በአልቃሽ አፍ ላይ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ሰምቶ ለመያዝ እንዲመች ሁለት መስመር ሆነ፤ ቤቱንም በ«ተ» መታ።

ኤፒግራም አጭር በመሆኑ ብቻ ኤፒግራም አይሆንም። ክርክር ሊኖረው ይገባል። የመጀመሪያው መስመር ማስረጃውን ያቀርባል፦ ጩኸት በዝቷል። ጩኸት ከበዛ ሟቹም ብዙ ነው ብለን እንጠብቃለን። ሁለተኛው መስመር ይህን ግምት ያፈርሰዋል፦ የሞተው አንድ ነው።

ማጠፊያው ግን «ወንድ» የሚለው ቃል ነው። «የሴቱን አናውቅም» ሲል ስለ ጾታ የሚቆጥር ይመስላል፤ እኛም «ወንድ»ን የሴት ተቃራኒ አድርገን እንሰማዋለን። መስመሩ ሲያልቅ ቃሉ ጀግና ወደሚለው ትርጉሙ ይዞራል። ከዚያ ያልተነገረው ይመጣል፦ እጁን የሰጠው፣ የሸሸው፣ በሕይወት የተረፈው ሁሉ ወንድ አልነበረም። ሙሾው ሟቹን እያወደሰ ቋሚውን ይሰድባል። (በሴቶቹ ላይ ያለው ንቀት ዛሬ ይጎረብጣል፤ ነገር ግን ከወጣ ማጠፊያውም አብሮ ይወጣል።)

ለመፈተን «ወንድ»ን በ«ጀግና» ቀይሩት። «ጀግና አንድ ሰው ሞተ» ቢባል ሐሳቡ ያው ነው፤ ግን አድማጩ ራሱ የሚደርስበት ነገር ስለማይቀር ነገሩ ይሞታል። «ንጉሡ ሞተ» ቢባል ደግሞ ወሬ ብቻ ነው።

ምሳሌያዊ አነጋገርም ቤት ይመታል፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ። ልዩነቱ ምሳሌው ለየትኛውም ቀንና ሰው መዋሉ ነው። የመቅደላው ስንኝ ግን ከአንድ አፋፍና ከአንድ ቀን ጋር የታሰረ ስለሆነ ታሪኩን ለማያውቅ ግማሹ ይጠፋበታል። ከቤተ ክህነቱ ቅኔ ወገን በግእዝ የሚቀኙት ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ በመሆኑ የዚህ ዘመድ ሊባል ይችላል፤ እሱ ግን የራሱ ትምህርት አለው።

ሁለት መስመር የሚያተርፈው አንድ ነገርም አለ፤ ለተቃውሞ ቦታ አይተውም። ከሦስት ቀን በፊት፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ በተባለው ቦታ በተደረገው ውጊያ ብዙ የቴዎድሮስ ወታደር ወድቋል፤ ፊታውራሪ ገብርዬም እዚያው ሞቷል። «አንድ ሰው» የሚለው ቆጠራ እነሱን አያውቃቸውም። ይህን የሚያነሳ ሰው በስድ ንባብ ገጽ ሙሉ ቢያስረዳ ሰሚው ይዞ የሚሄደው ያንኑ ስንኝ ነው። ለገብርዬ የሚከራከር ሰው እሱም ሌላ ሁለት መስመር መግጠም ይኖርበታል።