የብቅለት መቶኛ፦ የፈነዳ ፍሬ ሁሉ አይቆጠርም

ከደሴ ገበያ ወይም ከጎረቤት የሚገኝ የስንዴ ዘር «ኢመደበኛ» ይባላል። መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ የመረመረው አካል የለም ማለት ነው። በመደበኛው መንገድ የሚመጣው የተመሰከረለት ዘር ግን ማሳው ታይቶ፣ ናሙናው ላቦራቶሪ ገብቶ ነው መለያ ካርድ የሚታሰርለት። ብዙ ሰው የሚያደናግረው ካርዱ ላይ ያለው የብቅለት መቶኛ ነው።

ላቦራቶሪው 400 ፍሬ በመቶ በመቶ ከፍሎ እርጥብ ወረቀት ላይ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት ያበቅላል። ስንዴ በ8ኛው ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ይቆጠራል። የሚቆጠረው ሥሩም ቅጠሉም በደንብ የወጣ ቡቃያ ብቻ ነው። ከ100 ፍሬ 78ቱ ጤናማ፣ 12ቱ ሥር አልባ ወይም የተጣመሙ፣ 10ሩ የበሰበሱ ቢሆኑ ውጤቱ 78 ነው። 90 የሚል ሻጭ ጎዶሎዎቹንም ደምሮ ነው። ልዩነቱ ማሳ ላይ ይታያል፦ 95 በመቶ የሚበቅል ዘር 100 ኪሎ ለሚበቃው መሬት ይህ 78 በመቶ የሚበቅለው ዘር 122 ኪሎ ገደማ ያስፈልጋል።

ቤት ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ መሞከር ይቻላል። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ቶሎ ይበቅላል፤ የደሴ ብርድ ግን ያዘገየዋል፣ ጥቂት ቀን ጨምሩለት። ገና የተወቃ ዘር ደግሞ ሳይሞት ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ፍሬው ውሃ ጠጥቶም ሳይበሰብስ ጠጣር ከሆነ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድገሙት።