ባለ አሥር ሲንክሮነስ ካውንተር ከጄኬ ፍሊፕ-ፍሎፕ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አራት ፍሊፕ-ፍሎፖች እስከ 15 ይቆጥራሉ፤ 10 ላይ ሲደርሱ በናንድ ጌት ክሊር ማድረግ ይበቃል።»

ክሊር የተባለው መግቢያ ክሎክን አይጠብቅም። ስለዚህ ሰርኪዩቱ ከ9 በኋላ በመጀመሪያ 1010 ላይ ይደርሳል፤ ጌቱ ይህን ለይቶ እስኪያጠፋው ድረስም ለጥቂት ናኖሴኮንዶች እዚያው ይቆያል። ዓይን ባያየውም በኦሲሎስኮፕ ሲታይ Q1 ላይ ቀጭን ምት ይገኛል፣ ያንን ምት እንደ ክሎክ የሚቀበል ሌላ ሰርኪዩት ካለም አንድ ትርፍ ይቆጥራል። ይባስ ብሎ Q1 ከ Q3 ቀድሞ ከጠፋ ጌቱ ትእዛዙን ያነሳና ካውንተሩ 8 ላይ ሊቀር ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ ከ9 ወደ 0 የሚደረገውን ሽግግር ራሱ የክሎኩ ጠርዝ እንዲፈጽመው ማድረግ ነው። ከ1001 ቀጥሎ 1010 እንዳይመጣ ሁለት ነገር ብቻ ያስፈልጋል፦ Q1 እንዳይነሳ መከልከልና Q3ን ማውረድ።

```
J0 = K0 = 1
J1 = Q0·Q3'      K1 = Q0
J2 = K2 = Q0·Q1
J3 = Q0·Q1·Q2    K3 = Q0
```

9 ላይ Q3' ዜሮ ስለሆነ J1 ዜሮ ይሆናል፤ J3 ዜሮ፣ K3 ደግሞ 1 በመሆኑ Q3 ይወርዳል፤ Q0ም ተገልብጦ 0000 ይገኛል። K3 በ Q0 ብቻ መመራቱ ብዙዎችን ያጠራጥራል። ነገር ግን Q3 አንድ የሚሆነው 8 እና 9 ላይ ብቻ ነው፤ 8 ላይ Q0 ዜሮ ስለሆነ Q3 ባለበት ይቆያል። 1፣ 3 እና 5 ላይ Q3 አስቀድሞ ዜሮ ስለሆነ የማውረድ ትእዛዙ ምንም አይለውጥም፤ 7 ላይ ደግሞ J3ም 1 ስለሚሆን Q3 ተገልብጦ 8 ይመጣል።

«ከ10 እስከ 15 ያሉት ሁኔታዎች ስለማይደረስባቸው ሊታሰብባቸው አይገባም።»

ኃይል ሲበራ ፍሊፕ-ፍሎፖቹ በየትኛውም ሁኔታ ሊነሱ ይችላሉ። ከላይ ባሉት ቀመሮች ሲሰላ 10 ወደ 11፣ 11 ወደ 4፤ 12 ወደ 13፣ 13 ወደ 4፤ 14 ወደ 15፣ 15 ወደ 0 ይሄዳሉ፤ ማለትም ቢበዛ በሁለት ክሎክ ቆጠራው ይስተካከላል። ይህ የዚህ ንድፍ መልካም ዕድል ነው፤ የካርኖ ካርታው ባዶ ሳጥኖች በሌላ መንገድ ቢሞሉ ሁኔታዎቹ እርስ በርስ እየዞሩ ወደ ቆጠራው ፈጽሞ ላይመለሱ ይችሉ ነበር።

«ሺፍት ሬጅስተር መረጃ ያንሸራትታል እንጂ አይቆጥርም።»

የአምስት ፍሊፕ-ፍሎፕ ሺፍት ሬጅስተር የመጨረሻ ውጤት ተገልብጦ ወደ መጀመሪያው ሲመለስ (J0 = Q4'፣ K0 = Q4) አሥር ሁኔታዎችን የሚያዞር የጆንሰን ካውንተር ይሆናል። በፍሊፕ-ፍሎፖቹ መካከል ጌት አያስፈልገውም፤ እያንዳንዱንም ቁጥር ለመለየት ሁለት መግቢያ ያለው ጌት ይበቃል። ዋጋው ግን ከ32 ሁኔታዎች 22ቱ ከቆጠራው ውጭ መሆናቸው ነው፤ ሰርኪዩቱ እነዚህ ውስጥ ከገባ በራሱ አይወጣም። 4017 በተባለው ቺፕ ውስጥ የማስተካከያ ጌቶች የተጨመሩትም በዚህ ምክንያት ነው።