ስለ ኢሞጂ አመጣጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

"ኢሞጂ ማለት ያው :-) ነው፤ በኋላ ቀለም ተቀባ እንጂ።"

የሁለቱ አገርም አሠራርም የተለያየ ነው። :-) አሜሪካዊ ነው። በ1982 በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በኮምፒውተር በሚለዋወጡት መልእክት ላይ ቀልዱ እንደ ቁም ነገር እየተወሰደ ጭቅጭቅ ያስነሳ ነበር። ስኮት ፋልማን የተባለ የኮምፒውተር ሳይንቲስት "ለቀልድ ይህን ምልክት ተጠቀሙ" ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ይህ ኢሞቲኮን ይባላል። ከኪቦርዱ ላይ ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝ እና ቅንፍ ወስደህ ትደረድራለህ፤ ፊት የሚመስልህ አንገትህን ወደ ግራ ዘንበል ስታደርግ ነው። ጃፓኖችም በ1980ዎቹ እንደ (^_^) ያሉ ቀጥ ብለው የሚነበቡ የራሳቸው ፊቶች ነበሯቸው።

ኢሞጂ ግን ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው። ለመለየት ማጥፊያውን ተጫን። ፈገግ ያለው ኢሞጂ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። :-) ግን ሦስቴ ያስጫንሃል። ሰው የሚምታታበት፣ አንዳንድ አፖች :-) ስትጽፍ ሳይጠይቁህ ወደ ኢሞጂ ስለሚቀይሩት ይመስለኛል።

"የመጀመሪያዎቹን ኢሞጂዎች የሠራው ሺጌታካ ኩሪታ ነው።"

ኩሪታ ለጃፓኑ የሞባይል ኩባንያ ለኤንቲቲ ዶኮሞ 176 ኢሞጂ ያዘጋጀው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በኖቬምበር 1997፣ ጄ-ፎን የተባለው ተፎካካሪ ኩባንያ ስካይዎከር የሚባል ሞባይል ይዞ ወጥቶ ነበር። በውስጡ 90 ጥቁርና ነጭ ኢሞጂዎች ነበሩት። ዛሬ ሁሉም የሚያውቃት ፈገግ ያለችው ሰገራ ሳትቀር እዚያ ነበረች! ስልኩ ግን ውድ ስለነበር ብዙም አልተሸጠ። በሞባይል ከተነሣን ቀዳሚው ያ ነው። የኩሪታ ግን ወደ ብዙ ሰው እጅ ገባ፤ ስሙም የተነሣው ለዚህ ነው።

"ኢሞጂ የተሠራው ስሜት ለመግለጽ ነው።"

በከፊል ብቻ። ከኩሪታ 176 ምልክቶች ፊት የሆኑት ጥቂት ናቸው። ዶኮሞ አይሞድ የተባለውን የሞባይል ኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀምር ስክሪኑ ትንሽ ነበር፤ አንድ የኢሜይል መልእክትም ከ250 የጃፓን ፊደል አይበልጥም። ስለዚህ ፀሐይ፣ ዝናብ፣ ባቡር፣ ሆቴል፣ አሥራ ሁለቱ የኮከብ ምልክቶች ገቡ። የአየር ሁኔታ ለማየት አረፍተ ነገር ከማንበብ ፀሐይዋን ማየት ይቀላል።

"ኢሞጂ ስንልክ ትንሽ ፎቶ ነው የምንልከው።"

የሚላከው ቁጥር ነው። የዶኮሞን ፀሐይ እንውሰድ። ሥዕሏ በቁመት 12፣ በአግድም 12፣ በድምሩ 144 ነጥብ ናት፤ አስቀድማ ስልኩ ውስጥ ተቀምጣለች። በአየር የሚሄደው F89F የተባለው ኮድ ብቻ ነው፤ ሁለት ባይት። :-) እንኳ ሦስት ባይት ይፈጃል! ተቀባዩ ስልክ ኮዱን ያይና የራሱን ፀሐይ ይሥላል።

ችግሩ የመጣውም ከዚሁ ነው። ዶኮሞ፣ ኬዲዲአይ እና ጄ-ፎን እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ኮድ ሰጡ። ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው የተላከ ልብ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ 〓 ሆኖ ይታይ ነበር። እኛም ይህን በደንብ እናውቀዋለን፤ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ይሆናል። ጃፓኖቹ ኩባንያዎች በኋላ የአንዱን ኮድ ወደ ሌላው የሚቀይር ሥርዓት ዘረጉ። ያም ቢሆን አቻ የሌለው ኢሞጂ ሲመጣ ቦታው ላይ ቃል ወይም ባዶ ምልክት ይገባ ነበር።

እውነተኛው መፍትሔ ዩኒኮድ ሆነ። የዓለምን ፊደሎች በሙሉ በቁጥር የሚመዘግበው ሰንጠረዥ በ2010፣ በ6.0 እትሙ፣ የጃፓኖቹን ኢሞጂዎች ተቀበለ። ዛሬ ፀሐይ U+2600 ነች። የእኛ "ሀ" ደግሞ እዚያው ሰንጠረዥ ላይ U+1200 ነው።

ቁጥሩ አንድ ይሁን እንጂ ሥዕሉ አሁንም የየኩባንያው ነው። በ2016 አፕል የሽጉጡን ኢሞጂ የውሃ መጫወቻ አደረገው፤ ሌሎቹ ገና አልቀየሩም ነበር። አንዱ ከአይፎኑ በጨዋታ የላከው፣ ሌላው ስልክ ላይ እውነተኛ ሽጉጥ ሆኖ ታየ።

"ኢሞጂን ያመጣው አይፎን ነው።"

አይፎን ዘግይቶ ነው የደረሰው። በ2008 ኢሞጂ ያስገባው የጃፓን ደንበኛ ያለ ኢሞጂ ስልክ ስለማይገዛ ነበር፤ ያኔም ለጃፓን ገበያ ብቻ ታስቦ ነው። ኪቦርዱ ለሁሉም አገር የተከፈተው በ2011 ነው። ያኔ የጃፓን ተማሪዎች ከአሥር ዓመት በላይ ሲጠቀሙበት ቆይተዋል።