ሶልት ምንድን ነው? ከፈጣን ሃሽ ጋር ሲሆንስ ለምን አይበቃም?

«የይለፍ ቃሎቹን በሻ-256 ከሶልት ጋር ነው የማስቀምጠው፤ ስለዚህ ዳታቤዙ ቢሰረቅም ችግር የለም።» ይህ አባባል ከፕሮግራመሮች ደጋግሞ ይሰማል። ሻ-256 ሃሽ ነው፤ ማለትም የይለፍ ቃልን ወደ ኋላ ወደማይመለስ አጭር ጽሑፍ የሚቀይር ስሌት። በቀላሉ የማይነቀለው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ሶልቱ በአግባቡ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ሻ-256ም አልተሰበረም። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ግን የታሰበላቸውን ሥራ አይሠሩም። ኮዱ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፦

```python
salt = os.urandom(16)
h = hashlib.sha256(salt + password).hexdigest()
```

ሶልት ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በዘፈቀደ የሚወጣና ከሃሹ ጎን በግልጽ የሚቀመጥ መረጃ ነው። ሥራውም አንድ ብቻ ነው፦ ሌባው አንዴ ያሰላውን ሃሽ በብዙ ተጠቃሚዎች ላይ እንዳይጠቀምበት መከልከል። ሶልት ባይኖር «123456»ን አንዴ ሃሽ አድርጎ ከ100,000ዎቹ ተጠቃሚዎች ጋር ባንድ ጊዜ ያመሳክር ነበር። አስቀድሞ የተሰላ ሰንጠረዥ ካለው ደግሞ ማስላትም አያስፈልገውም። ሶልት ካለ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ እንደ አዲስ ማስላት ግድ ይሆንበታል። ሰንጠረዡም ዋጋ ያጣል። እስከዚህ ያለው ልክ ነው።

እንዲህ እናስበው። ሶልት ማለት ለእያንዳንዱ ቤት የተለየ ቁልፍ መግጠም ነው፤ አንዱን ቤት የከፈተው መክፈቻ ሌላውን አይከፍትም። ግን አንዱ መክፈቻ ገብቶ ተሞክሮ እስኪወጣ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ይህን የሚወስነው የቁልፉ አሠራር ነው እንጂ ቁልፎቹ መለያየታቸው አይደለም። በፈጣን ሃሽ የተሠራ ቁልፍ በሰከንድ ቢሊዮኖች መክፈቻ ያስሞክራል። በዚያ ላይ ሌባው ዘበኛ ባለበት ደጃፍ ቆሞ አይደለም የሚሞክረው። በሮቹን ነቅሎ ወደ ራሱ ቤት ወስዷቸዋል። ስለዚህ «አምስት ጊዜ ከተሳሳተ አካውንቱ ይዘጋል» የሚለው ደንብ እዚያ አይደርስበትም። ሶልቱም ከበሮቹ ጋር አብሮ ሄዷል።

«ሻ-256ን ወደ ኋላ መመለስ የቻለ የለም» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ ግን ሌባው ወደ ኋላ መመለስ አያስፈልገውም። ሰዎች ሊመርጡ የሚችሉትን ቃል እየገመተ ከሶልቱ ጋር አጣምሮ ሃሽ ያደርግና ውጤቱን ያስተያያል። ይህ የጥንቱ መንገድ ነው፤ ዛሬም በቂ ነው።

በቁጥር እንየው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 ግራፊክስ ካርድ የይለፍ ቃል መገመቻ ፕሮግራም በሆነው ሃሽካት ሲፈተን በሰከንድ 22 ቢሊዮን ገደማ ሻ-256 ያሰላል። ሮክዩ በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተሰረቀ ዳታቤዝ በወጣው ዝርዝር ውስጥ 14.3 ሚሊዮን የይለፍ ቃሎች አሉ። በእያንዳንዱ ቃል ላይ መጨረሻውን በቁጥር መቀጠል፣ የመጀመሪያውን ፊደል ማተለቅና የመሳሰሉትን 100 ለውጦች ብናደርግ 1.43 ቢሊዮን ግምት ይሆናል። ይህ ለአንድ ተጠቃሚ 0.07 ሰከንድ ያህል ነው። 100,000 ተጠቃሚ ቢኖር፣ ሁሉም የየራሱ ሶልት እያለው፣ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሶልቱ ሥራውን ሠርቷል፤ የሌባውን ድካም 100,000 እጥፍ አብዝቶታል። የተባዛው ነገር ግን ከመነሻው ኢምንት ነበር።

አሁን ሻ-256ን አውጥተን ሆን ተብሎ ዝግተኛ የተደረገውን ሃሽ ቢክሪፕትን እናስገባ። ዝግታውን የሚወስነው የወጪ ቁጥሩ 5 ሲሆን ያው ካርድ በሰከንድ 184,000 ገደማ ያሰላል። የወጪ ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር ሥራው እጥፍ ስለሚሆን፣ በ12 ፍጥነቱ ወደ 1,400 ይወርዳል። ያው 1.43 ቢሊዮን ግምት ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ 11 ቀን ተኩል ይፈጃል፤ ለ100,000ዎቹ ደግሞ ከ3,000 ዓመት በላይ። ሶልት ዋጋው የሚታየው እዚህ ነው። ለሕጋዊው ተጠቃሚ ልዩነቱ ሲገባ ሩብ ሰከንድ ገደማ መጠበቁ ብቻ ነው።

ይህን ሲሰሙ ሻ-256ን በገዛ እጃቸው 1,000 ጊዜ የሚያዞሩ አሉ። 22 ቢሊዮን ለ1,000 ሲካፈል 22 ሚሊዮን ነው። ሙሉው የሮክዩ ዝርዝር ለአንድ ተጠቃሚ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በዚህ መንገድ መሄድ ግድ ከሆነ ፒቢኬዲኤፍ2 የተባለው ደረጃውን የጠበቀ ዘዴ አለ፤ የሶፍትዌር ደህንነት ድርጅቱ ኦዋስፕ በሻ-256 ሲሠራ 600,000 ዙር ይመክራል።

አዲስ ሥራ ከሆነ ግን አርጎን2አይዲ የተባለው ዝግተኛ ሃሽ ይሻላል፤ ምክንያቱም ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሜሞሪም ያስወጣል። እያንዳንዱ ግምት 19 ሜጋባይት ከያዘ፣ 24 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ካርድ ባንድ ጊዜ የሚሞክረው ወደ 1,300 ግምት ብቻ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ቀሪ ኮሮቹ ሥራ ይፈታሉ።

```python
from argon2 import PasswordHasher
ph = PasswordHasher(time_cost=2, memory_cost=19456, parallelism=1)
stored = ph.hash(password)
```

ላይብረሪው ሶልቱን ራሱ ያወጣል፤ ከመለኪያዎቹ ጋር በአንዱ ጽሑፍ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የሶልት ዓምድ ለብቻ መፍጠር አያስፈልግም። ሜሞሪው ግን በእናንተም ሰርቨር ላይ ይቆጠራል፤ 100 ሰው ባንድ ጊዜ ሲገባ 1.9 ጊጋባይት ገደማ ይያዛል። ስለዚህ ባንድ ጊዜ የሚሠሩትን ስሌቶች ብዛት ገድቡ።

ዝግተኛ ሃሽም ቢሆን «123456»ን አያድንም። ሌባው ዝርዝሩን ሁሉ መሞከር ሲያቅተው የታወቁትን 1,000 ቃላት ብቻ በ100,000ዎቹ ላይ ይሞክራል፤ ይህ በቢክሪፕት 12ም ቢሆን 20 ሰዓት አይፈጅም። እነዚህን ቃላት መከልከል ያለበት ተጠቃሚው ሲመዘገብ ነው። በተቃራኒው፣ ሰርቨሩ ራሱ በዘፈቀደ ላወጣው የ128 ቢት ኤፒአይ ቁልፍ ተራ ሻ-256 ያለ ሶልትም ይበቃል፤ ያን ያህል ሰፊ ነገር በግምት አይገኝም። ፈጣን ሃሽ መጥፎ የሚሆነው ሰው በመረጠው ቃል ላይ ነው።

የራሳችሁን ሁኔታ ለማወቅ የዳታቤዙን ዓምድ ተመልከቱ። ጽሑፉ በ`$argon2id$` ወይም በ`$2b$12$` ከጀመረ መልካም። 64 ሄክሳዴሲማል ፊደሎች ብቻ ከሆኑ ምናልባት የመጀመሪያው ኮድ ነው። ለማስተካከል ተጠቃሚዎች ተመልሰው እስኪገቡ አትጠብቁ፤ ለዓመታት ያልገቡት ሰዎች ሃሽ እንዳለ ይቀራል። አሮጌውን ሃሽ እንደ ይለፍ ቃል ቆጥራችሁ ሁሉንም ዛሬውኑ በአርጎን2አይዲ አሳልፉት፤ አሮጌውን ሶልት አቆዩና መዝገቡ የተጠቀለለ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት አድርጉበት። ሰውየው ሲገባ መጀመሪያ ሻ-256ን ከአሮጌው ሶልት ጋር፣ ቀጥሎ አርጎን2አይዲን ታሰላላችሁ። ከተስማማ፣ አሁን በእጃችሁ ካለው የይለፍ ቃል በቀጥታ አዲስ ሃሽ ሠርታችሁ ምልክቱንና አሮጌውን ሶልት ታጠፋላችሁ።

መጠቅለያው ቢክሪፕት ከሆነ ሃሹን በሄክስ ስጡት እንጂ በጥሬ ባይት አይሁን። ብዙ የቢክሪፕት ላይብረሪዎች ዜሮ ባይት ሲያገኙ ንባቡን እዚያ ያቆማሉ፤ የሃሹ የመጀመሪያ ባይት ዜሮ የሆነበት ሰው የይለፍ ቃሉ ባዶ እንደሆነ ይቆጠራል። 64ቱ የሄክስ ፊደሎች ግን ቢክሪፕት ከሚያነበው 72 ባይት ውስጥ ይገባሉ። መጠቅለሉ ካለቀ በኋላ የቀድሞዎቹ ሃሾች ያሉባቸውን የዳታቤዝ ቅጂዎችና ባክአፖች አጥፏቸው፤ ሌባው እነሱን ካገኘ ሁለት ሰዓቱ አሁንም ይበቃዋል።