የጥያቄ ምልክት ብቻውን ሬጄክስ አያድንም

«ጋሼ፣ ኮከቡ ከሚገባው በላይ ሲይዝብኝ የጥያቄ ምልክት ጨመርኩበት። ሰነፍ ከሆነ አጭሩን መያዝ አልነበረበትም? አሁንም ያልፈለግሁትን ይዞ ይመጣል።»

አልነበረበትም። ቱሉ ዲምቱ ባለች ጠባብ ቢሮዬ ኮምፒውተራቸውን ይዘው ከሚመጡ ወጣቶች ይህን የሰማሁበትን ጊዜ መቁጠር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ አንብበውታል፦ «ብዙ ከያዘ ጥያቄ ምልክት ጨምር»። ምክሩ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው። ሁልጊዜ ቢከሽፍ ኖሮ ማንም አያምነውም ነበር።

መጀመሪያ ግን ስለ ስግብግቡ ኮከብ። ሬጄክስ ከጽሑፍ ውስጥ የምንፈልገውን የምንይዝበት የፍለጋ ቀመር ነው፤ በውስጡ ነጥብ በአንድ ፊደል ቦታ ይቆማል፣ ኮከብ ደግሞ ከፊቱ ያለው የቱንም ያህል ጊዜ ይደጋገም ይላል። «ዝም ብሎ ሁሉን ይወስዳል» ይሉታል፤ ይህ ግማሽ እውነት ነው። ከመጋዘን መዝገብ የዕቃ ስም ለማውጣት የተጻፈችውን ይህችን መስመር እንያት፦

```
መስመር:  «ጤፍ» እና «ስንዴ» ገባ
ሬጄክስ:  «.*»
የተያዘው: «ጤፍ» እና «ስንዴ»
```

ነጥብና ኮከቡ ከመጀመሪያው ጥቅስ ቀጥሎ እስከ መስመሩ መጨረሻ ድረስ ይውጣሉ። ከዚያ ግን መዝጊያ ጥቅስ ያስፈልጋል፤ መስመሩ ደግሞ አልቋል። ስለዚህ የዋጡትን ከኋላ አንድ በአንድ ይመልሳሉ፦ መጀመሪያ ባን፣ ቀጥሎ ገን፣ ቀጥሎ ክፍተቱን፣ በመጨረሻም መዝጊያ ጥቅሱን። እዚያ ላይ ሬጄክሱ ይሟላና ይቆማል። የቆመው ግን ከኋላ ሲመጣ ባገኘው ጥቅስ፣ ማለትም በስንዴ መጨረሻ ላይ ነው። ስግብግብ ማለት ይህ ነው፦ የቻለውን ያህል ወስዶ፣ ሲገደድ ብቻ የሚመልስ።

`«.*?»` ብንል ነገሩ ይገለበጣል። ምንም ሳይወስድ ይጀምራል፤ መዝጊያ ጥቅስ ካላገኘ አንድ ፊደል ይጨምራል፤ አሁንም ካላገኘ ሌላ ይጨምራል። ጤፍ ላይ ይቆማል፤ ስንዴንም ለብቻው ያገኛል። «ሰነፍ» የሚለው ስያሜ ለእኔ አይጥመኝም፤ ቁጥብ ቢባል ይሻል ነበር። ሥራውን አይተውም፤ በየፊደሉ እየቆመ ይጠይቃል እንጂ። ለዚህም ነው «ሰነፉ ሁልጊዜ ይፈጥናል» የሚለው አባባል ስህተት የሆነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ እንመለስ።

በዚሁ አካባቢ ለሚገኝ አንድ የዱቄት አከፋፋይ የተሰረዙ ደረሰኞችን ዝርዝር የሚያወጣ አጭር የፓይተን ፕሮግራም ጽፌ ነበር። አዎ፣ እኔ ራሴ፤ በወጣቶቹ ላይ የምቆጣው እኔም ስለወደቅኩበት ነው። የሽያጭ ፕሮግራሙ የቀኑን ደረሰኞች በአንድ መስመር ደርድሮ ያወጣል። ቁጥሮቹን አሳጥሬ ላሳያችሁ፦

```
ደረሰኝ 101 ተከፈለ፤ ደረሰኝ 102 ተከፈለ፤ ደረሰኝ 103 ተሰረዘ፤ ደረሰኝ 104 ተከፈለ፤ ደረሰኝ 105 ተሰረዘ፤
```

መጀመሪያ በስግብግቡ ሞከርኩ፤ የሰጠኝ 101ን ብቻ ነበር። እንደ ሁሉም ሰው ጥያቄ ምልክት ጨመርኩ፤ `t` ከላይ ያለው መስመር ነው፣ `\d+` ደግሞ የደረሰኙን ቁጥር ይይዛል፦

```
re.findall(r'ደረሰኝ (\d+).*?ተሰረዘ', t)
['101', '104']
```

በመስመሩ ውስጥ ሁለት የተሰረዙ ደረሰኞች አሉ፤ ውጤቱም ሁለት ቁጥር ነው። ልክ መሰለኝና አስረከብኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሒሳብ ሠራተኛዋ ደውላ «ወንድሜ፣ ገንዘቡን ቆጥሬ የተቀበልኩበት ደረሰኝ እንዴት ተሰረዘ ይላል?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። 101ም 104ም የተከፈሉ ናቸው፤ የተሰረዙት 103 እና 105 ናቸው። ብዛቱ ልክ፣ ማንነቱ ስህተት፤ እንዲህ ያለውን ስህተት ድምር አያጋልጠውም።

ምን ሆነ? ሬጄክስ ጽሑፉን ከግራ ይጀምራል፤ ሊሟላ የሚችልበት የመጀመሪያው መነሻ ከተገኘም ሌላ መነሻ አይፈልግም። 101 ላይ ያለው «ደረሰኝ» መነሻ ሆነ። ከዚያ ቁጥቡ ኮከብ አንድ አንድ ፊደል እየጨመረ ሄደ፤ «ተከፈለ»ን አለፈ፣ 102ን አለፈ፣ 103 አጠገብ ያለው «ተሰረዘ» ላይ ደረሰና ቆመ። ለእርሱ ከ101 ተነስቶ ሲታይ አጭሩ ይኸው ነው። ሁለተኛው ፍለጋም ከዚያ ቀጥሎ በ104 ተነስቶ በ105 አለቀ።

ለተማሪዎቼ በታክሲ ነው የማስረዳቸው። የጥያቄ ምልክቱ ቶሎ «ወራጅ አለ» የሚል ተሳፋሪ ነው። የት እንደሚወርድ ይወስናል፤ የት እንደተሳፈረ ግን አያገባውም። እኛ ደግሞ የተበላሸብን መሳፈሪያው ነው።

መፍትሔው ኮከቡን ማስነፍ ሳይሆን የሚያልፍበትን መገደብ ነው። አንድ ደረሰኝ በ፤ ያልቃል፤ እንግዲያው ከ፤ በስተቀር ማንኛውንም ፊደል ውሰድ እንለዋለን፦

```
re.findall(r'ደረሰኝ (\d+)[^፤]*ተሰረዘ', t)
['103', '105']
```

ኮከቡ አሁንም ስግብግብ ነው፤ ልብ በሉ። ግን 101 ላይ ሲነሳ ፤ ጋ ይደርሳል፣ ማለፍ አይችልም፣ የወሰደውን እየመለሰ ቢፈልግም «ተሰረዘ» የለም፤ መነሻው ይወድቃል። 102ም እንዲሁ። 103 ላይ ይሳካል። ስግብግብነት ጥፋት የሚሆነው አጥር በሌለበት ነው።

ስህተቱን ቀድሞ ለማየት በቅንፍ ውስጥ የተያዘውን ቁጥር ብቻ አትመልከቱ። `re.finditer` ተጠቅማችሁ የእያንዳንዱን ውጤት `m.group(0)` አትሙ። እኔ ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ሦስት ደረሰኞችን ያቀፈ ረጅም ጽሑፍ በዓይኔ አይ ነበር፤ ስልኩም ባልተደወለ።

ስለ ጥያቄ ምልክትና ስለ ነጥብ የሚነገሩትን ቀሪዎቹን የተሳሳቱ አባባሎች በአጭሩ ልለፍባቸው። «ጥያቄ ምልክት በየትኛውም ፕሮግራም ያሰንፋል»፦ አይደለም፤ በሊኑክስ `sed` እና `grep -E` ቁጥቡን ኮከብ አያውቁትም፣ `grep -P` ግን ያውቀዋል። «ጥያቄ ምልክት ማለት ሰነፍ ማለት ነው»፦ ከኮከብ ወይም ከመደመር ምልክት በኋላ ሲመጣ እንጂ፣ ከተራ ፊደል በኋላ ከሆነ ፊደሉ ቢኖርም ባይኖርም ይሁን ማለት ነው። «ነጥብ ሁሉንም ፊደል ይይዛል»፦ በፓይተን `re.DOTALL` ካልተባለ አዲስ መስመርን አያልፍም።

ይህ የመጨረሻው ወደ አጥሩ ይመልሰኛል። `[^፤]` ከነጥብ በተቃራኒ አዲስ መስመርን ያልፋል። የአንድ መስመር የመጨረሻ ደረሰኝ ፤ ከጎደለው ሬጄክሱ ወደ ቀጣዩ መስመር ይሻገርና የድሮው ስህተት ይመለሳል፤ ስለዚህ `[^፤\n]` ብላችሁ ጻፉ። ሰው በእጁ በሚጽፈው መዝገብ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አራት ነጥብ ለመጻፍ ብዙዎች ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ይመታሉ፤ በዓይን ሲታዩ ። እና ፡፡ አንድ ይመስላሉ፣ ለኮምፒውተሩ ግን የመጀመሪያው አንድ ፊደል፣ ሁለተኛው ሁለት ፊደል ነው። `[^።]` ብሎ አጥር የሠራ ሰው ፡፡ ሲመጣ አጥሩ ክፍት ነው። እንዲህ ላለው መዝገብ እኔ ከፍለጋው በፊት `t.replace('፡፡', '።')` እላለሁ።